ከሃያ ሁለት ደቂቃ ቅጂ አራት ትእዛዝ



ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ የሚታየው አሸዋው ብቻ ነው። ስለዚህም በደረቁ ወራት ለድሬ ሰው ከወንዝነቱ ይልቅ መንገድነቱ ያመዝናል። ተማሪው ደብተሩን ይዞ ያቋርጠዋል፤ ነጋዴው ሸቀጡን ይዘረጋበታል፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን በስተደቡብ በደንገጎ በኩል ያለው የሐረርጌ ደጋ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ ቁልቁለት ተንደርድሮ በአጭር ጊዜ ከተማዋ ይደርሳል። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደቻቱ ሊሞላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ላይ የሆነውን የድሬ ቤተሰብ አይረሳውም። ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ዳርቻው ላይ ያሉትን ቤቶች ጠረጋቸው። ከ250 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት የደረሱበት ጠፋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት መጠለያ አጡ። አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርቻ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ በየሰፈሩም ስለ ጎርፍ ገለጻ ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ግንቡን ሳይሆን ገለጻውን ነው። ገለጻው በስልክ ተቀድቶ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ከውስጡ ምን ይቀራል? እንዴትስ አድርገን ብናሳጥረው ነው ሌሊት በጨለማ የባነነ ሰው ሊያስታውሰው የሚችለው?

ሁሉም ሰምቶታል፤ ማንም አያስታውሰውም

ከደቻቱ ብዙም የማይርቅ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶቻችን እንዲህ ያለ ቅጂ ላኩልን። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ጎርፍ ሲያስረዱ የተቀዳ ነው። ርዝመቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ እንደሰማው ነገሩን። እኛም እዚያ ሄደን ስንጠይቅ፣ «ምን አሉ?» ላልነው ሁሉ መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። «ጥሩ ነገር ነው የተናገሩት፤ እንጠንቀቅ ነው የሚሉት» አሉን። «ሌሊት ውሃ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» ስንል ግን አባትየው «ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ» አሉ። እናትየው «መጀመሪያ የቤት ካርታውንና ወርቁን ላንሣ እንጂ» አሉ። ትልቁ ልጅ ደግሞ ከዚራ ያለችውን እህቱን ለማምጣት እንደሚሮጥ ነገረን። ከአንድ ቅጂ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ወጣ ማለት ነው። በቅጂው ላይ ከተነገረው ጋር ስናስተያየው ከሦስቱ ሁለቱ ሰው የሚገድሉ ነበሩ።

ስሕተቱ የቤተሰቡም አይደለም፤ የባለሙያውም አይደለም። ባለሙያው ለተሰበሰበ ሰው ስለሚናገሩ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ምክንያቱን ያስረዳሉ፤ ታሪክ ይነግራሉ፤ ጥያቄም ይመልሳሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። የሰው አእምሮ ግን በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያቆየው ነገር ጥቂት ነው። ስለ ትውስታ ያጠኑ ምሁራን፣ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ኔልሰን ካዋን፣ ቁጥሩን አራት ገደማ ያደርጉታል። በድንጋጤና በጨለማ ውስጥ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ሃያ ሁለቱን ደቂቃ ወደ አራት ትእዛዝ ማውረድ ያስፈልጋል። እኛም ከዘመዶቻችን ጋር ተቀምጠን ሞከርነው። ሥራው የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ምሽት ነው። በየደረጃው የሆነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ መልቀም

ቅጂውን አንድ ጊዜ ምንም ሳንጽፍ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ይህን ያደረግንበት ምክንያት አለን። እየሰማ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በሙሉ ይጽፍና ሲደክመው የመጨረሻውን ይተወዋል። የሚፈለገው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጨረሻው ላይ ነው። በእኛ ቅጂ የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ሰላምታና ማስተዋወቅ ናቸው። እስከ አሥረኛው ደቂቃ ድረስ ስለ 1998ቱ ጎርፍና ስለ ደጋው ዝናብ ይነገራል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ድረስ ምክሩ ይመጣል፤ የቀረው ጥያቄና መልስ ነው።

ሁለተኛ ስንሰማ «አድርጉ» ወይም «አታድርጉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በመጣ ቁጥር ቅጂውን እያቆምን እንዳለ ጻፍነው። አላሳመርነውም፤ በራሳችን ቃልም አልቀየርነውም። ከጎኑ ደቂቃውን መዘገብን። ኋላ ክርክር ሲነሣ ወደ ቅጂው ተመልሶ ለመስማት የሚያስችለው ይህ ነው። ከምክሩ ክፍል አሥራ አራት ትእዛዝ ለቀምን፤ ከጥያቄና መልሱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አገኘን።

ያችን አንዷን ያወጣችው የአንዲት እናት ጥያቄ ናት። «ውሃው በሩን ከያዘውስ? ወዴት ልውጣ?» ሲሉ ጠየቁ። ባለሙያው በምክራቸው ውስጥ ይህን አላነሡም ነበር። «እንግዲያው ጠንካራ ቤት ከሆነ ጣሪያው ላይ ነው የሚወጣው» ብለው መለሱ። በዚያው በጥያቄና መልሱ ውስጥ አንድ እርማትም ተገኘ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ «ጉልበት የሚደርስ የሚሮጥ ውሃ ውስጥ አትግቡ» ብለው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ አንድ ወጣት ሲጠይቃቸው «ጉልበት ያልኩት ይስተካከል፤ ቁርጭምጭሚት ካለፈ ይበቃል» አሉ። ቅጂውን እስከ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሰምቶ የተወ ሰው የያዘው የተሳሳተውን ቁጥር ነው።

እርማቱም ትክክል ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሕዝቡ በሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በፍጥነት የሚሮጥ የ15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ባጃጅ ከትንሽ መኪናም እንደምትቀል አንባቢ ያውቃል።

በሰዓቱ መለየት

አሥራ አምስቱን ትእዛዞች በወረቀት ቁራጮች ላይ ጽፈን ምንጣፉ ላይ ዘረጋናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ ይህ የሚደረገው መቼ ነው? አምስቱ የሚደረጉት ገና ዝናቡ ሳይመጣ ነው። እነርሱም ሰነዶችን በላስቲክ መጠቅለል፣ ቦዩን መጥረግ፣ ቅርብ ያለውን ከፍታ ቀድሞ በእግር ሄዶ ማየት፣ በቤት ውስጥ ማን ማንን እንደሚይዝ መመደብ፣ በበልግና በክረምት ሬዲዮ መከታተል ናቸው። ሰባቱ የሚደረጉት ውሃው በሚመጣበት ሰዓት ነው። ሦስቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳይፈቀድ ወደ ቤት አለመግባት፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣት፣ የጠፋ ሰው ካለ ማመልከት።

ይህን መለየት የሥራው ግማሽ ነው። እናትየው «መጀመሪያ ካርታውንና ወርቁን ላንሣ» ያሉት ባለሙያው ስለ ሰነድ መናገራቸውን በትክክል ስላስታወሱ ነው። የዘነጉት መቼ እንደሆነ ነው። ከዝናቡ በፊት በቀን የሚደረገውን በጎርፉ ሰዓት ሊያደርጉት ነበር። በቅጂው ላይ ሁለቱ የተነገሩት በአንድ ትንፋሽ ስለነበር ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ስለዚህ የዝናብ በፊቱን አምስት ትእዛዝ በሌላ ወረቀት ጻፍነው። ያ ወረቀት በቀን፣ ተረጋግቶ የሚነበብ ነው፤ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። በቃል መያዝ ያለበት በጎርፉ ሰዓት የሚደረገው ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ሰባቱ ተመለስን። «ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ውጡ» እና «ዕቃ ተዉ» የአንድ ጊዜ ሥራ ስለሆኑ አንድ አደረግናቸው። «በእግር አትግቡ» እና «በመኪና ወይም በባጃጅ አትግቡ» የሚሉትን አጣመርን። «ወደ ከፍታ» እና «ካልተቻለ ወደ ጣሪያ» የሚሉትንም አገናኘን። «ሳይፈቀድ አትመለሱ» የሚለውን ከኋለኞቹ አምጥተን ከእነዚህ ጋር አኖርነው። ምክንያቱም ውሃው ሲጎድል ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ደጋው ላይ ዝናቡ ካላባራ ግን ሁለተኛ ሙላት ሊከተል ይችላል።

ብዙ ያከራከረን «ቆጣሪውን አጥፉ» የሚለው ነው። አባትየው ይግባ አሉ። ቅጂውን ወደ ኋላ መልሰን ስንሰማ ባለሙያው «ውሃው ገና ሳይገባ፣ እግራችሁ ደረቅ ላይ ሆኖ» የሚል ቃል አክለውበታል። ይህን ቅድመ ሁኔታ ቆርጠን «ቆጣሪውን አጥፉ» ብቻ ብለን ብንጽፍ እግሩ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ወደ ኤሌክትሪክ እንዲሰድ ማዘዛችን ነበር። በጨለማ ደግሞ ያን ቅድመ ሁኔታ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአራቱ አወጣነውና ከነቅድመ ሁኔታው በቀኑ ወረቀት ላይ አኖርነው። ቅድመ ሁኔታውን ይዞ ማጠር የማይችል ትእዛዝ ከነጭራሹ አይጠር፤ ሙሉውን ሆኖ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ቋንቋችን ያጠመደልን ወጥመድ

አሁን አራት ነገር ቀረን። መጻፉ ቀላል መስሎን ነበር፤ ይሁንና ብዙ የተሳሳትነው እዚህ ነው።

የባለሙያው ቃል «ደቻቱን አትሻገሩ፤ ባላችሁበት በኩል ወደ ከፍታ ውጡ» የሚል ነው። ትልቁ ልጅ ሲያሳጥረው «ወደ ከፍታ ውጡ» ብሎ ጻፈው። ጥሩ ይመስላል፤ አጭርም ነው። ሆኖም «ባላችሁበት በኩል» የሚለው ወድቋል። ድሬዳዋ ደግሞ በወንዝ የተከፈለች ከተማ ናት። አባት መጋላ፣ ልጅ ከዚራ የሚያድርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። «ወደ ከፍታ» የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው እርሱ የሚያውቀው ከፍታ ከወንዙ ወዲያ ከሆነ ሊሻገር ይሄዳል። ልጁ እህቱን ለማምጣት ሊሮጥ ያሰበውም ይህ ቃል በጆሮው ስላልቀረ ነው።

እንግዲያው «ደቻቱን አትሻገሩ» የሚለውን እንመልሰው አልን። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በአማርኛ «ተሻገሩ» እና «አትሻገሩ»፣ «ውጡ» እና «አትውጡ» የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው ሲንጫጫ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ስልኩ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የምትጠፋው ያችው የቃሉ መነሻ ናት። የቀረው ቃል ተቃራኒውን ያዝዛል። ስለዚህ ነገሩ በጎርፉ ሰዓት የሚነገር ከሆነ፣ «አታድርጉ» ከማለት ይልቅ የሚደረገውን መናገር ይሻላል።

በዚህ መሠረት «ባላችሁበት ማዶ ሆናችሁ ወደ ከፍታ ውጡ» ብለን ጻፍን። ክልከላው ወጥቷል፤ ቅድመ ሁኔታውም አልተቆረጠም። ደስ አለን። ነገር ግን ፈተናው ገና ነበር።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ፈተና

ከመግሪብ በኋላ የቤቱን ትንሽ ልጅ ጠርተን አራቱን ትእዛዝ አንድ ጊዜ አነበብንለት። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወደ ጨዋታው ላክነው። ዒሻ ተሰግዶ፣ እራት ተበልቶ ካበቃ በኋላ መልሰን ጠራነው። ቁርኣን ቤት የሚማር ልጅ በመሆኑ በቃል መያዝ ለምዶታል፤ እኛ ግን ቃሉን እንዲደግም አልጠየቅነውም። «ውሃው መጣ እንበል፤ ምን ታደርጋለህ?» አልነው። ይህ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። ቃሉን መድገም ትርጉሙን መያዝን አያሳይም፤ የሚያሳየው የሚያደርገውን ሲናገር ነው።

«እነሣለሁ፤ ዕቃ አልይዝም» አለ። መልካም። «ከዚያስ?» አልነው። «ከዚያ ማዶ እሄዳለሁ» አለ።

አያትየው ከተቀመጡበት «ምን አልክ አንተ?» አሉ።

«እነሱ ናቸው ማዶ ያሉት፣ አያቴ» አለ ልጁ ወደ እኛ እየጠቆመ።

አያትየው ልጁ አልተሳሳተም አሉን። «ማዶ» ብሎ የሰማ ሰው የሚታየው የወዲያኛው ዳር ነው። እኛ «ባላችሁበት ማዶ» ስንል ያለንበትን ዳር ማለታችን ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሩ ግን በልጁ ጆሮ የቀረችው «ማዶ» ብቻ ሆነች። ያችም ወደ ወንዙ ትመራለች። በወረቀት ላይ ስናነበው አንዳችንም አላየነውም። አንድ ልጅ ከእራት በኋላ ባይነግረን ኖሮ ያንን ጽፈን ለሰፈሩ ልናድል ነበር።

መፍትሔውንም ያመጡት አያትየው ናቸው። «ወንዙን ከጀርባችሁ አድርጉት በሏቸው፤ ወንዙን ከጀርባው ያደረገ ሰው ይሻገራል?» አሉ። እውነትም፣ በዚህ አባባል ውስጥ «አት» የለም፣ «ማዶ» የለም፣ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የለም። ከዚራ ላለውም መጋላ ላለውም እኩል ይሠራል። ልጁን በነጋታው ሌላ ጊዜ ስንጠይቀው ዞሮ ጀርባውን ወደ ወንዙ በኩል ሰጥቶ አሳየን።

ወደ ተናጋሪው መመለስ

ያሳጠርነውን ይዘን ለማደል አልቸኮልንም። መጀመሪያ በዘመዶቻችን በኩል ወደ ባለሙያው መለስነው። ይህ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሳጣሪ የሰማውን እንጂ ተናጋሪው ያሰበውን አያውቅም። ባለሙያው አንድ ነገር አረሙልን። እኛ የመጀመሪያውን ትእዛዝ «ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ውጡ» ብለን ጽፈን ነበር። እርሳቸው ግን ማስጠንቀቂያው ላይደርስ ይችላል፤ መብራት ከጠፋ ድምፅ ማጉያውም ዝም ይላል አሉን። ስለዚህ ሰው ራሱ ሊያውቀው የሚችለው ምልክት ይጨመር አሉ። ይኸውም የወንዙ ጉርምርምታ ነው። የደረሰ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ስለሚመጣ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል።

ምልክቱን መናገር ሌላም ጥቅም አለው። ማስጠንቀቂያ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለረጅም ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ዴኒስ ሚሌቲ ሰው ማስጠንቀቂያ እንደሰማ ወዲያው እንደማይንቀሳቀስ ጽፏል። መጀመሪያ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ለዘመድ ይደውላል፤ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። በደቻቱ ዳርቻ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የለም። ከማስጠንቀቂያው ጋር «የወንዙን ጉርምርምታ» የሚል ካለ ሰውየው የሚያረጋግጠው በገዛ ጆሮው ነው።

ቅጂው ከማን እንደመጣ ካልታወቀስ? በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተናገረ የማይታወቅ ቅጂ ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን ማሳጠር የለብንም። የሌላ ከተማ፣ የሌላ ወንዝ ምክር ሊሆን ይችላል፤ የሚያርመንም ሰው የለም። ሲያጥር ደግሞ የተናጋሪው ድምፅ ስለሚጠፋ ጥርጣሬውም አብሮ ይጠፋል፤ ያልታወቀው ነገር የታወቀ ይመስላል።

አራቱ ትእዛዞች

በመጨረሻ የወጣው የሚከተለው ነው።

1. ማስጠንቀቂያውን ወይም የወንዙን ጉርምርምታ ስትሰሙ፣ ዕቃ ትታችሁ ውጡ።

2. ደቻቱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ከፍታ ሂዱ፤ በሩ ከተያዘ ጠንካራ ጣሪያ ላይ ውጡ።

3. የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ፣ በእግርም በባጃጅም ብትሆኑ ቁሙ፤ ሌላ መንገድ ያዙ።

4. ውሃው ቢጎድልም «ግቡ» እስኪባል ከፍታው ላይ ቆዩ።

ቅደም ተከተሉ እንደ አስፈላጊነታቸው ሳይሆን እንደ አመጣጣቸው ነው። ሰው ከአልጋው ሲነሣ የመጀመሪያው፣ ከበሩ ሲወጣ ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ ሦስተኛው፣ ከደረሰ በኋላ አራተኛው ይገጥመዋል። አንዱን ሲፈጽም የሚቀጥለው ራሱ ትዝ ይለዋል። የሰዓት ቁጥርም አላስገባንም። አንዱ «ሌሊት በ8 ሰዓት» ሲል ሌላው በስልኩ ላይ 2 ያያልና፣ በድንጋጤ ሰዓት ይህ ማደናገሪያ ነው።

ከወረቀቱ ግርጌ የባለሙያውን ኃላፊነት፣ ገለጻው የተሰጠበትን ቀንና ሙሉው ቅጂ በማን እጅ እንዳለ ጻፍን። አዲስ ድልድይ ሲሠራ፣ ግንብ ሲጨመር ወይም ሲፈርስ፣ የመሰብሰቢያ ቦታ ሲቀየር ወረቀቱ ያረጃል። ቀን ከሌለው ማርጀቱን የሚያውቅ የለም። በሰዓቱ ከአስተዳደሩ የተለየ ትእዛዝ ከመጣም የሚሠራው እርሱ እንጂ የእኛ ወረቀት አይደለም።

በሰፈሩ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች ስላሉ አራቱ ወደ ሁለቱም ቋንቋዎች ተመለሱ። በዚህም ላይ የ«ማዶ»ን ነገር ስላልረሳን፣ የተተረጎመውን አማርኛውን አይቶ ለማያውቅ ሌላ ሰው ሰጥተን ወደ አማርኛ እንዲመልስልን አደረግን። ሁለቱ አማርኛዎች ካልተገናኙ ትርጉሙ እንደገና ይሠራል።

አንድ ነገር ግን በምንም ማሳጠር አይገኝም። አያትየው እግራቸውን ያማቸዋል፤ ብቻቸውን ከፍታ ላይ አይወጡም። ይህ በቅጂው ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከአራቱ ሥር በራሱ እጅ አምስተኛ መስመር ጻፈ። አያትን የሚይዘው ትልቁ ልጅ ነው። ከዚራ ያለችው እህት ደግሞ እዚያው ከአክስቷ ጋር ወንዙን ከጀርባዋ አድርጋ ወደ ከፍታ ትሄዳለች፤ ማንም ሊያመጣት አይሻገርም። ይህ ሲጻፍ ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለእህቱ ደወለና አራቱን አነበበላት። «አሁን የማደርገውን ንገሪኝ እንዳትዪ፤ አንቺ የምታደርጊውን ንገሪኝ» አላት።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተም ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጂ ካለ ዛሬ ማታ አብራችሁ ስሙት፤ የጥያቄና መልሱን ክፍል ሳትተዉ። ከዚያ ከቤቱ ትንሹን ልጅ ጠርታችሁ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት።